ስልኬ አን ፓሳንን ለምን ከለከለኝ?

ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ከጓደኛዬ ጋር በስልክ ቼዝ እንጫወታለን። ነጭ ነኝ፤ ወታደሬ e5 ላይ ነው። ጥቁሩ ወታደር ከ d7 ተነስቶ d5 ላይ አረፈ። አን ፓሳን በሚባለው ልዩ የወታደር አበላል ልበላው ወታደሬን ወደ d6 ስጎትት ስልኩ መለሰብኝ።

መተግበሪያውን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ያው ነው። ከዚያ ሕጉን አጣራሁ። ጥቁሩ ወታደር ከመነሻው በአንዴ ሁለት ቤት ሄዶ ከወታደሬ ጎን መቆም አለበት። ቆሟል። መብላት የሚቻለው ወዲያው በሚቀጥለው ተራ ብቻ ነው። ተራ አላሳለፍኩም።

የሕጉ ምክንያትም ገባኝ። ድሮ ወታደር የሚሄደው አንድ አንድ ቤት ነበር። ጨዋታው እንዲፈጥን መነሻው ላይ ሁለት ቤት ሲፈቀድለት፣ የጠላት ወታደር የሚጠብቀውን ቤት ዘሎ ማምለጥ ጀመረ። አን ፓሳን ይህን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ወታደሩ አንድ ቤት ብቻ እንደሄደ ተቆጥሮ እግረ መንገዱን ይበላል።

ታዲያ ምን ጎደለ? በመጨረሻ ጨዋታውን የእንጨት ሰሌዳ ላይ ደረደርኩት። ንጉሤ a5፣ የጥቁሩ ሩክ h5 ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ሁለቱ ወታደሮች ብቻ። የእኔን ወደ d6 ወስጄ የእሱን ከ d5 ሳነሳ መስመሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ሩኩ ቀጥታ ንጉሤን ያያል! በተለመደው አበላል የበላው ወታደር በተበላው ቦታ ይተካል። እዚህ ግን ሁለቱም ከመስመሩ ይወጣሉ። ንጉሥን ለቼክ ማጋለጥ ደግሞ ክልክል ነው። መጀመሪያ ንጉሤን ላሽሽ ብል ተራው ያልፋል፣ መብቱም አብሮ ይሄዳል።