ለአዳዲስ ላፕቶፖች ሁሉ የፈርምዌር የይለፍ ቃል አሠራር እንዲኖር ስለመጠየቅ

ለኮምፒዩተር አቅራቢያችን የቴክኒክ ክፍል

የታየው ችግር

በመጨረሻው ርክክብ ከተቀበልናቸው ቲንክፓድ ላፕቶፖች አንዱን ስንፈትሽ፣ ማሽኑ ሲበራ F12 በመጫን ኡቡንቱ ካለበት ፍላሽ አስነሥተነዋል፤ የዊንዶውስ የይለፍ ቃል ሳንጠየቅም የሂሳብ ሠራተኛችንን ፋይሎች ከፍተን አንብበናል። ሌላው ላፕቶፕ ደግሞ በተቃራኒው፣ F1 ስንጫን በርክክብ ሰነዱ ላይ ያልተጻፈ የይለፍ ቃል ይጠይቀናል።

መንስኤው

የዊንዶውስ የይለፍ ቃል መጠበቅ የሚጀምረው ዊንዶውስ ከተነሣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ማሽኑ ከየት እንደሚነሣ የሚወስነው ፈርምዌሩ፣ ማለትም በተለምዶ ባዮስ የምንለው ነው፤ እሱን ደግሞ ያለ ይለፍ ቃል ተረክበናል። ሁለተኛው ላፕቶፕ የተዘጋው ቴክኒሻን ለሙከራ ያስገባው ቃል ሳይመዘገብ ቀርቶ ይመስለኛል። ይህኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ በቲንክፓድ ላይ የሱፐርቫይዘር የይለፍ ቃል ከጠፋ የማዘርቦርዱን የሰዓት ባትሪ ነቅሎ መመለስ አይፈታውም፣ አምራቹ የሚያውቀው መፍትሔም ማዘርቦርዱን መቀየር ብቻ ነው።

የምንጠይቀው መፍትሔ

ከእንግዲህ እያንዳንዱ ላፕቶፕ ከመጋዘናችሁ ሳይወጣ `Supervisor Password` በእጅ እንዲገባለት እንጠይቃለን። `Power-On Password` ግን ባዶ ይሁን፤ ሠራተኛው ባበራ ቁጥር ከመጠየቁም በላይ፣ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ በሚነሣበት ጊዜ ሰው እስኪመጣ ቆሞ ሊጠብቅ ይችላል።

የይለፍ ቃሉ ብቻውን የF12ን በር አይዘጋም። ስለዚህ በ`Startup` ገጽ የውስጡ ዲስክ በቅድሚያ እንዲሰለፍ፣ `Boot Order Lock` እንዲበራና `Boot Device List F12 Option` እንዲጠፋ ይደረግ። ቃሉ ለእያንዳንዱ ማሽን የተለየ ሆኖ ከላቲን ፊደልና ከቁጥር ብቻ ይውጣጣ፤ በዚያ ደረጃ የአማርኛ ኪቦርድ አይሠራምና። ከሴሪያል ቁጥሩ ጋር በታሸገ ፖስታ ለእኔ ይሰጥ፣ በእናንተ ዘንድ ቅጂ አይቅር። በላፕቶፑ ጀርባ ላይ በስቲከር የተለጠፈ ቃል አንቀበልም።

በርክክብ ዕለት አንድ ፍላሽ ይዘን እንመጣለን። F1 ሲጫኑ ቃሉን ከጠየቀ፣ ፍላሹ ተሰክቶ F12 ሲጫኑም በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ከገባ እንፈርማለን፤ ካልሆነ ማሽኑ ይመለሳል።

ይህ አሠራር ዲስኩ ተነቅሎ በሌላ ማሽን ላይ ከመነበብ አያድንም። ለዚያ ቢትሎከርን እኛው እናበራለን፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ የፈርምዌር ቅንብር ከተነካ ባለ 48 አሃዙን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ የእናንተ ሥራ አስቀድሞ መጠናቀቅ ይኖርበታል።

የተዘጋው ላፕቶፕ በዋስትናው መሠረት እንዲቀየርልን እየጠየቅን፣ ምላሻችሁን ከሚቀጥለው ትዕዛዛችን በፊት በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የጽሕፈት ቤቱ ሥራ አስኪያጅ