ከሲቪ ጋር የሚላክ አጭር ኢሜይል እንዴት ይጻፋል (ሲቪውን ሳንገለብጥ)

ለስራ ስታመለክቱ ሲቪውን ካያያዛችሁ በኋላ ኢሜይሉ ላይ ምን እንደምትጽፉ ጠፍቷችሁ ባዶውን የላካችሁ አላችሁ፣ በተቃራኒው ደሞ ከትምህርት ጀምሮ ያለውን ሁሉ አንድ ገጽ ሙሉ የደረደራችሁም አላችሁ። እኔ ቅጥር ላይ ስሰራ ሁለቱንም አይነት ተቀብያለሁ፣ እውነቱን ልንገራችሁ ብዙም ልዩነት የላቸውም። ባዶው ሚነበብ ነገር የለውም፣ ረጅሙን ደሞ ሁለት መስመር አይቼ ሲቪው ውስጥ ያለው መሆኑን ሳውቅ ትቼው ሲቪውን ነበር ምከፍተው።

ሲቪው የት ሰራ፣ ስንት ዓመት፣ ምን ተማረ የሚለውን ይመልሳል። ኢሜይሉ ግን ሌላ ጥያቄ ነው ሚመልሰው፦ እኛ ሰው ፈልገን ማስታወቂያ ያወጣንበትን ችግር ይሄ ሰው ከዚህ በፊት አይቶት ያውቃል ወይ? በቃ ይሄን ከመለሰ ስራውን ጨርሷል።

በምሳሌ ብናየው ይሻላል። አንዲት ጓደኛዬ 4 ዓመት ስቶር ኪፐር ሆና ሰርታለች፣ ሌላ ቦታ ለተመሳሳይ ስራ ልታመለክት ስትል መጀመሪያ የጻፈችው ይሄን ነበር (ያሳጠርኩት እኔ ነኝ፣ የሷ ሦስት እጥፍ ይሆናል)፦

«ከላይ በተጠቀሰው የስራ መደብ ላይ ለመወዳደር ከፍተኛ ፍላጎት ስላለኝ ይህንን ማመልከቻ በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። በማኔጅመንት ዲፕሎማ ያለኝ ሲሆን በስቶር ኪፐርነት የ4 ዓመት ልምድ አለኝ። ኤክሴልና ዎርድ በሚገባ እችላለሁ። ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መስራት የምችልና የስራ ጫናን የምቋቋም ነኝ።»

ስህተት የለበትም አይደል? ግን አንድ በአንድ እዩት። ዲፕሎማው ሲቪው ላይ አለ፣ 4 ዓመቱም አለ፣ ኤክሴሉም አለ። የቀረው ታታሪ ታማኝ ምናምን ነው፣ እሱን ደሞ ሰነፍ ሰውም ይጽፈዋል።

1. ማስታወቂያው ላይ ለየት ያለችውን መስመር ፈልጉ

ማስታወቂያ ላይ አብዛኛው ነገር ከሌላ ማስታወቂያ የተቀዳ ነው፣ ተግባቢ የሆነ፣ ኮምፒውተር የሚችል እያለ ይሄዳል። መሀል ላይ ግን አንዳንዴ አንድ መስመር ትኖራለች፣ የስራው አለቃ ራሱ ያስገባት የምትመስል፣ ከሌሎቹ ይልቅ ዝርዝር የሆነች። ጓደኛዬ ያየችው ማስታወቂያ ላይ «በሲስተም ላይ ያለውና በመደርደሪያ ላይ ያለው እቃ በየጊዜው እንዲገጥም ማድረግ» ይል ነበር። ይሄን ሚጽፍ ሰው ቆጠራ በመጣ ቁጥር እቃው ሳይገጥም ቀርቶ የተቸገረ ሳይሆን አይቀርም። ኢሜይሉ መጻፍ ያለበት ለሱ ነው።

እንዲህ አይነት መስመር ካጣችሁ የኃላፊነት ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የተጻፈችውን ወይ በተለያየ አነጋገር ሁለቴ የተጠቀሰችውን ያዙ። ሁሉንም ልመልስ ካላችሁ ግን ተመልሳችሁ ሲቪ መጻፋችሁ ነው፣ አንዷን ብቻ ምረጡ።

2. ለዛች መስመር አንድ የሰራችሁትን ነገር አውጡ

እዚህ ጋ ነው ሰው ሁሉ ሚቸገረው። «እቃ በማመሳከር በቂ ልምድ አለኝ» ብላ ጻፈች፣ እሺ ግን ምን አድርገሽ ታውቂያለሽ ስላት «ምንም፣ ስራዬን ነው የሰራሁት» አለችኝ። ከዛ ዝም ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ፦ ስራውን ስትረከቢ ምን ነበር የተበላሸው? መጀመሪያ ምን አደረግሽ? ምክንያቱ ምን ሆኖ ተገኘ? አሁን ምን ተቀየረ? ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይሄ ወጣ፦ ስትረከብ በየቆጠራው ልዩነት ይወጣ ነበር፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ የወጪ ሰነዱን የእያንዳንዱ እቃ ገቢና ወጪ ከሚመዘገብበት ከቢን ካርዱ ጋር ስታመሳክር መለዋወጫ እቃ ማታ ከስራ ሰዓት በኋላ እንደሚወጣና ሰነዱ ጠዋት እንደሚሞላ፣ አንዳንዴም ጭራሽ እንደሚረሳ ደረሰችበት። በር ላይ ጊዜያዊ የመውጫ መዝገብ አስቀመጠች፣ ቶሎ ቶሎ ሚወጡ 20 እቃዎችን ደሞ በየሳምንቱ መቁጠር ጀመረች። በሚቀጥለው የ6 ወር ቆጠራ ያልገጠሙት እቃዎች ከ41 ወደ 6 ወረዱ።

ይሄ ሁሉ ሲቪዋ ላይ «ንብረት መመዝገብና መቆጣጠር» በሚል አንድ መስመር ተቀብሮ ነበር!

እነዚህን አራት ጥያቄዎች ራሳችሁን ጠይቁ፣ ካልወጣላችሁ ሰው ይጠይቃችሁና እያወራችሁ መልሱ፣ ስናወራ የምንለውን ስንጽፍ አንለውምና። ቁጥር ላይ ግን ተጠንቀቁ። እሷ 41 እና 6 ያለችው የቆጠራ ወረቀቱን አይታ ነው፣ ኢንተርቪው ላይ እንዴት ቆጠርሽው ብትባል ትመልሳለች። እናንተ ወረቀት ከሌላችሁ በግምት 80 ፐርሰንት ብላችሁ አትጻፉ፣ ምን እንደተቀየረ በቃል ንገሯቸው። ለምሳሌ በፊት ቆጠራ ሦስት ቀን ይፈጅ ከነበረና አሁን በአንድ ቀን ካለቀ እሱ ራሱ በቂ ነው።

ሌላው፣ የመጀመሪያው ረቂቋ ላይ የቀድሞው ስቶር ኪፐር ግድየለሽ እንደነበረ ጽፋ ነበር። ያቺን መስመር አስወጣናት። ለሚያነበው ሰው «ነገ ስለኛም እንዲህ ትላለች» ነው ሚሆንበት፣ ደሞ ታሪኩ ያለሱም ይቆማል።

3. ሲቪው ሚያስነሳው ጥያቄ ካለ ቀድማችሁ መልሱ

ሲቪያችሁን እንደማያውቃችሁ ሰው ሆናችሁ እዩትና «እንዴ ይሄ ደሞ?» ሚያስብል ነገር ፈልጉ። አንድ ዓመት ባዶ የሆነ ቦታ፣ ከሌላ ሙያ መምጣት፣ ማስታወቂያው የጠየቀው ግን የሌላችሁ ነገር። ጓደኛዬ ጋ የነበረው ሶፍትዌሩ ነው፣ ማስታወቂያው የስቶክ ሶፍትዌር ልምድ ይላል፣ እሷ የሰራችው በኤክሴልና በቢን ካርድ ነው። መደበቅ ፈልጋ ነበር፣ ግን ሲቪው ላይ አለመኖሩ መታየቱ አይቀርም፣ ስለዚ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረችው። አንድ ብቻ። ይቅርታ መጠየቅ ከተጀመረ አያልቅም።

4. አሁን ጻፉት

ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፦ ለየትኛው ስራ እንደሆነና የመረጣችሁት መስመር፣ ከዛ የሰራችሁት ነገር፣ ከዛ ጥያቄ የሚያስነሳው ጉዳይ፣ መጨረሻ ላይ መቼ መጀመር እንደምትችሉ። የሷ እንዲህ ሆነ፦

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣

ለስቶር ኪፐር የስራ መደብ እያመለከትኩ ነው። ማስታወቂያችሁ ላይ በሲስተምና በመደርደሪያ ያለው እቃ እንዲገጥም ማድረግ የሚል ኃላፊነት አይቻለሁ፤ አሁን ባለሁበት ስራ ብዙ የደከምኩት በዚሁ ጉዳይ ነው።

መጋዘኑን ስረከብ በየቆጠራው ልዩነት ይወጣ ነበር። የወጪ ሰነዶችን ከቢን ካርድ ጋር ሳመሳክር ልዩነቱ የሚመጣው ከስራ ሰዓት በኋላ ወጥተው ሰነዳቸው በማግስቱ ከሚሞላ መለዋወጫዎች መሆኑን አገኘሁ። በር ላይ ጊዜያዊ የመውጫ መዝገብ አስቀመጥኩ፤ ቶሎ ቶሎ የሚወጡ 20 እቃዎችንም በየሳምንቱ መቁጠር ጀመርኩ። በሚቀጥለው የ6 ወር ቆጠራ ያልገጠሙት እቃዎች ከ41 ወደ 6 ወረዱ።

እስካሁን የሰራሁት በኤክሴልና በቢን ካርድ ስለሆነ የስቶክ ሶፍትዌራችሁን መልመድ ይኖርብኛል።

ሲቪዬን አያይዣለሁ። የ30 ቀን የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ስላለብኝ ከዚያ በኋላ መጀመር እችላለሁ።»

ከስር ሙሉ ስምና ስልክ፣ አለቀ። ስልክ ላይ ሲከፈት ብዙም ወደታች ሳይወርዱ ያልቃል። የሚቀበላችሁን ሰው ስም ካወቃችሁ በስሙ ጀምሩ፣ ካላወቃችሁ ሰላምታው ይበቃል፣ «ክቡር ሥራ አስኪያጅ» ብላችሁ ለረዳቱ ከምትልኩት ይሻላል።

የኢሜይሉ ርዕስ ላይ ፈጠራ አያስፈልግም። «ማመልከቻ፦ ስቶር ኪፐር» ከዛ ስማችሁ፣ መለያ ቁጥር ካለው ቁጥሩ። ማስታወቂያው ርዕሱ ላይ ይሄን ጻፉ ካለ እሱኑ እንዳለ ጻፉ፣ ምክንያቱም ሰውየው ማመልከቻዎቹን በዛች ቃል ፈልጎ ሊሆን ይችላል ሚያወጣቸው። ርዕሱን ባዶ መተው ወይ ሲቪ ብቻ ብሎ መላክ ግን አይሆንም፣ የሁሉም ሲቪ ነው'ኮ።

5. ከመላካችሁ በፊት ሁለት ፈተና

አንደኛው፣ የድርጅቱን ስምና የስራ መደቡን በሌላ ቀይሩትና አንብቡት። እንዳለ ለሌላው ከሰራ ገና ዝርዝር አልሆነም። ሁለተኛው፣ ሲቪውን ጎን አድርጉና ኢሜይሉ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሲቪው ላይ ፈልጉት፣ እዛም ካለ ከኢሜይሉ አውጡት። እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ፦ ብዙ ቦታ ሲቪው ብቻ ታትሞ ወይ ፎርዋርድ ተደርጎ ለአለቃው ይሄዳል፣ ኢሜይሉ እዛው ይቀራል። ስለዚ ውጤቷ ብቻ ሲቪው ላይም ትግባ። ጓደኛዬ ያቺን «ንብረት መመዝገብና መቆጣጠር» የምትለዋን አንስታ «በ6 ወር ያልገጠሙ እቃዎችን ከ41 ወደ 6 ማውረድ» ብላ ተካቻት፣ እንዴት እንደሆነ የሚናገረው ግን ኢሜይሉ ነው። በዚች መስመር ብቻ መደጋገም ይፈቀዳል።

ማስታወቂያው የማመልከቻ ደብዳቤ ለብቻው አያይዙ ካለ ደሞ ይሄ ሁሉ ጽሁፍ ወደ ደብዳቤው ይሄዳል፣ ኢሜይሉ ላይ ለየትኛው ስራ እንደሆነና ምን ምን እንዳያያዛችሁ ሁለት መስመር ይበቃል። ደመወዝ ካልጠየቁ አታንሱ፣ ከጠየቁ ግን አትዝለሉት።

6. አላላክ

ሲቪው ፒዲኤፍ ይሁን፣ ዎርድ ከሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት መስመሩ ሊዘበራረቅ ይችላል። የፋይሉ ስም የናንተ ስም ይሁን፣ `cv_final_new2.pdf` ሚል ስንት ጊዜ እንደደረሰኝ አልነግራችሁም። መጀመሪያ ፋይሉን አያይዙ፣ ከዛ ጽሁፉን አስገቡ፣ አድራሻውን መጨረሻ ላይ ሙሉት፣ ምክንያቱም በስህተት ላክ የሚለውን ብትነኩት እንኳን አድራሻ ስለሌለው አይሄድም። አንዴ ደሞ ለራሳችሁ ላኩትና ስልካችሁ ላይ ክፈቱት፣ ፋይሉ ይከፈት እንደሆነ እዩ። ከሌላ ማመልከቻ ኮፒ አድርጋችሁ ያስገባችሁት ነገር ካለ የፊደሉ መጠን ወይ ቀለሙ መሀል ላይ ይቀየራል፣ የሌላ ድርጅት ስምም እዛው ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ይሄኛው ካመለጣችሁ የቀረው ጽሁፍ ምንም ያህል ቢያምር አያወጣችሁም።