የሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስል ሲያሳርሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ለደንበኛችን የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ደንበኛችን፣

ላዘዙት ፖስተር አራት ረቂቅ ምስሎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልከንልዎታል። አራቱም አንዲት ፋርማሲስት ለአንዲት አዛውንት የመድኃኒት ካርቶን ስታቀብል ያሳያሉ። እርማቱ በጥቂት ዙር ማለቁም ሆነ መጓተቱ ባብዛኛው በአስተያየቱ አጻጻፍ ስለሚወሰን፣ መልስ ከመላክዎ በፊት ይህን ቢያነቡልን ደስ ይለናል።

«ትንሽ ነገር ናት፤ አንድ ቃል ቀይራችሁ ድጋሚ አውጡት» ማለት

ምስሎቹን የሚስለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ሥራውን የሚጀምረው በዘፈቀደ ከተበተኑ ነጠብጣቦች ነው። የሰጠነውን የጽሑፍ መግለጫ እየተከተለ ነጠብጣቦቹን ደረጃ በደረጃ ያጠራቸዋል፤ በመጨረሻ ምስል ይወጣል። የነጠብጣቦቹን አበታተን የሚወስነው ሲድ የሚባል ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከተለወጠ መግለጫው ያው ቢሆንም ሌላ ሴት፣ ሌላ መደርደሪያ፣ ሌላ ብርሃን ይመጣል። ቁጥሩን ሳንነካ «ነጭ ጋዋን» የሚለውን «አረንጓዴ ጋዋን» ብንለው ደግሞ ለውጡ ጋዋኑ ላይ አይቆምም፤ ግድግዳው ወደ አረንጓዴ ሊያደላ፣ የሴትየዋም ፊት ሊለወጥ ይችላል።

ስለዚህ አንድ ምስል ከወደዱት ድጋሚ አናወጣውም። የሚታረመውን ቦታ ብቻ ማስክ በሚባል የቦታ መለያ ሽፋን ከልለን እዚያ ውስጥ እንደገና እናሠራለን። ከሚወጡት አማራጮችም ጥላው፣ የቆዳው ቀለምና ጠርዙ ከቀሪው ምስል ጋር የሚገጥመውን እንመርጣለን። የእርማት ዙር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«ሕይወት ይጎድለዋል» ብሎ ማቆም

ይህ አስተያየት የትኛውን ቦታ መከለል እንዳለብን አይነግረንም። የሚጠቅመን እንዲህ ያለው ነው፦

«ምስል 3። ካርቶኑን የያዘው የፋርማሲስቷ ቀኝ እጅ ስድስት ጣት አለው፤ አምስት ይሁን። የአዛውንቷ ፊትና ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን እንዳሉ ይቆዩ።»

የምስሉ ቁጥር፣ ቦታው፣ ጉድለቱና የሚፈለገው ነገር አለ። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን መነካት የሌለበትን የሚናገረውን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለእኛ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ምክንያቱም ትርፉን ጣት ብቻ ብንከልል መሣሪያው በዙሪያው ያሉትን ጣቶች እያየ እዚያው ሌላ ጣት ሊስል ይችላል። ስለዚህ እጁን እስከ አንጓው፣ ከካርቶኑም ጠርዝ ጥቂት ጨምረን እንከልላለን። ካርቶኑ ቅርጹን እንዳይለውጥ ከፈለጉ ያን አስቀድመን ማወቅ አለብን።

አቀማመጡ ሳይጸድቅ ዝርዝር ማሳረም

እጁ ታርሞ ካለቀ በኋላ «አዛውንቷ ወደ ግራ ይዙሩ» ከተባለ የተሠራው እርማት ሁሉ ይጠፋል። በመጀመሪያው ዙር ጣቱንም የጋዋኑንም ቁልፍ ይተዉት። ማን የት እንደቆመ፣ ምን ያህል ከቅርብ እንደሚታይ፣ ለርዕሱ የሚበቃ ባዶ ቦታ እንዳለ ብቻ ይመልከቱ። ፖስተሩ ቁም ይሁን አግድም የሚለውም እዚህ ላይ ይወሰን፤ ቁሙን ምስል በኋላ አግድም ማድረግ ማለት በሁለቱም ጎን ያልነበረ ክፍል መፍጠር ነው።

የሚወስኑት ሰዎች ብዙ ከሆኑ ተነጋግረው አንድ መልስ ይላኩልን። አንዱ «ቀረብ ይበል»፣ ሌላው «ራቅ ይበል» ካለ ዙሩ በከንቱ ያልቃል።

የማይፈልጉትን ብቻ መናገር

«መነጽር የሌላት» ብለን ብንጽፍ ብዙ መሣሪያዎች «መነጽር» የሚለውን ቃል ይዘው መነጽር ይስላሉ። «መነጽሩን አልወደድኩትም» ማለት ይችላሉ፤ ግን በምትኩ እንዲታይ የሚፈልጉትን ይጨምሩበት፦ «ዓይኖቿ በግልጽ ይታዩ፣ ወደ አዛውንቷ ትመልከት»።

ፊደልንና ትክክለኛ ቀለምን ከመሣሪያው መጠበቅ

በካርቶኖቹ ላይ የሚታየው ፊደል መሰል ነገር ትርጉም የለውም። የግዕዝ ፊደል ሲሆን ደግሞ ይባስ ይዛባል። ጽሑፉን፣ አርማውንና የድርጅትዎን ቀለም እኛ በመጨረሻ በዲዛይን ፕሮግራም እናስገባለን። አርማውን ሲያድግ ጥራቱ በማይቀንሰው በቬክተር ፋይል፣ ቀለሙን በኮድ ይላኩልን።

በስልክ አይቶ ማጽደቅ

ረቂቆቹ በአንድ ጎን 1024 ፒክሴል ገደማ ናቸው። ኤ3 ፖስተር በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም ግን 3508 በ4961 ፒክሴል ይፈልጋል። ምስሉን የምናሳድገው በመጨረሻ ሲሆን፣ ማሳደጊያው ራሱ በፊትና በፀጉር ላይ ያልነበረ ነገር ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ያደገውን ምስል በኮምፒውተር፣ በ100 በመቶ መጠን ከፍተው ዓይንን፣ ጥርስንና ጣቶችን አንድ በአንድ ይዩ፤ ማጽደቁ ከዚያ በኋላ ይሁን። በቴሌግራም ከተላከም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል የተላከውን ይክፈቱ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል።

ለዚህ ዙር የምንጠብቀው መልስ አጭር ነው፦ ከአራቱ የትኛው ቁጥር እንደተመረጠ፣ ርዕሱ ከላይ ይሁን ከጎን፣ ከተመረጠው ምስልም መነካት የሌለበት ምን እንደሆነ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዲዛይን ክፍሉ