ሌሊት የሚፏጭ መጸዳጃ፣ የሚያንኳኳ ቧንቧ፦ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ሲደክም

የመጸዳጃ ቤቱ ታንከር ሌሊት ይፏጫል። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውሃ መቀበሉን ባቆመ ቁጥር ግድግዳው ውስጥ በመዶሻ የሚመታ ሰው ያለ ይመስላል። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ጎማው ተቀይሮ ሳይሰነብት እንደገና ይንጠባጠባል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቤት ውስጥ በተቀራራቢ ጊዜ ከመጡ፣ አንዱንም ከመፍታታችሁ በፊት የውሃውን ግፊት ለኩ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የሚኖሩ አንዲት እናት በአንድ ዓመት ውስጥ የመጸዳጃውን መሙያ ቫልቭ ሁለት ጊዜ አስቀይረዋል። ከዚያ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠብ ጀመረ። እሱ ሲጠገን ደግሞ ከውሃ ማሞቂያው ጎን በሚወርደው ቱቦ ሥር ወለሉ ይረጥብ ጀመር። «ልጄ፣ አንዱን ስጠግን ሌላው ይነሳብኛል» አሉኝ። ነገሩን በትክክል ነበር የገለጹት። ግፊት በበዛበት ቤት መጀመሪያ የሚያፈሰው ከሁሉ ደካማው ዕቃ ነው። ሲያፈስ ለሌሎቹ መተንፈሻ ይሆናቸዋል። እሱ ሲደፈን ግን ጫናው ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

የውሃው ኃይለኛነት ያሳስባቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ እንዲያውም ደስ ይላቸው እንደነበር ነገሩኝ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ላደግን ሰዎች ይህ የሚገርም አይደለም። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ የቧንቧ ደንቡ በቤት ውስጥ ከ80 ፒ.ኤስ.አይ (5.5 ባር ገደማ) በላይ ግፊት አይፈቅድም። በመንገዱ ሥር የሚያልፈው የውሃ መስመር ግፊት ከዚያ ሲበልጥ ወደ ቤቱ መግቢያው ላይ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ይገጠማል። ቫልቩ ብዙውን ጊዜ ምድር ቤት ውስጥ ከዋናው መዝጊያ ቀጥሎ ይገኛል። ደወል የሚመስል የነሐስ ዕቃ ሲሆን አናቱ ላይ ብሎን አለው። ውስጡ ሞላ፣ የጎማ ሽፋንና ውሃውን የሚዘጋ መቀመጫ አለ። የቤቱ ግፊት ከተወሰነው መጠን ሲደርስ ሽፋኑ ሞላውን ገፍቶ መቀመጫውን ይዘጋል። መቀመጫው ከተበላ ወይም አሸዋ ከያዘ ግን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ውሃ በምትጠቀሙበት ሰዓት ደህና ይመስላል፤ ሁሉም ሲዘጋ የመንገዱ ግፊት ቀስ እያለ ሾልኮ ይገባል። መጸዳጃው ሌሊት የሚፏጨው ለዚህ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሲተኛና ውሃ የሚጠቀም ሲያንስ ደግሞ የመንገዱ መስመር ግፊት ራሱ ይጨምራል።

ለመለካት በግቢ ቧንቧ አፍ ላይ የሚጠመድ የግፊት መለኪያ ይበቃል። ሁለት መርፌ ያለውን ግዙ፤ ቀዩ መርፌ የደረሰበት ከፍተኛ ግፊት ላይ ቆሞ ይቀራል። የምትለኩበት ቧንቧ ከቫልቩ በኋላ መሆኑንም አረጋግጡ። አንዳንድ ቤት የአትክልት ማጠጫው ከቫልቩ በፊት ስለሚቀጠል የሚያነበው የመንገዱን ግፊት ነው።

ጠዋት በሄድኩበት ጊዜ እናትየው ዕቃ አጥበው ገና መጨረሳቸው ነበር፤ መለኪያው 60 አነበበ። እዚያው ባቆም ኖሮ «ግፊቱ ደህና ነው» ብዬ እሄድ ነበር። መለኪያውን እንደተጠመደ ትቼው በማግስቱ ስመለስ ቀዩ መርፌ 120 ላይ ቆሟል።

ይህ ብቻውን ግን ቫልቩን አያስወቅስም። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ቫልቩ በደንብ ከዘጋና በውስጡ ባለው አየር የሰፋውን ውሃ የሚቀበለው የማስፋፊያ ታንክ ካልሠራ፣ የሰፋው ውሃ መሄጃ አጥቶ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ቫልቭ የሚቀይረው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው። ሁለቱን ለመለየት የውሃ ማሞቂያውን አጠፋሁ፤ የሚያፈስ መጸዳጃ መርፌውን ስለሚያሳስት የመጸዳጃዎቹንም መዝጊያ ዘጋሁ። ከዚያ አንድ ቀዝቃዛ ቧንቧ ለአፍታ ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። መርፌው ወደ 55 ወረደ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ 80 ደረሰ፤ ሰዓት ሳይሞላ 115 ላይ ነበር። ማሞቂያው ጠፍቶ ግፊቱ ከወጣ ውሃው የሚገባው ከመንገዱ ነው፤ ጥፋቱ የቫልቩ ነው። ማሞቂያው ሲጠፋ መርፌው ባለበት ቢቆምና ሲበራ ብቻ ቢወጣ ኖሮ የምመለከተው ታንኩን ነበር።

ከመቀየር በፊት ማስተካከል ይሞከራል። የብሎኑን ማጥበቂያ ዳዶ አላልታችሁ ብሎኑን ወደ ግራ ስታዞሩ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ወደ ቀኝ ይጨምራል። ካዞራችሁ በኋላ የግድ አንድ ቧንቧ ከፍታችሁ ዝጉ፤ ቀድሞ የታመቀው ግፊት ውሃ ካልወጣ አይወርድም። ይህን የማያውቅ ሰው «አልሠራም» እያለ ብሎኑን እስከ መጨረሻው ይፈታዋል። በእኚህ እናት ቤት ውሃው እየፈሰሰ ሳለ ግፊቱ እስከ 40 ወረደ፤ ቧንቧው ሲዘጋ ግን ተመልሶ 115 ደረሰ። ሞላው ይታዘዛል፣ መቀመጫው አይዘጋም ማለት ነው። አንዳንድ ቫልቭ ማጣሪያው ታጥቦ ወይም የውስጥ ዕቃው ተቀይሮ ይድናል። የእሳቸው ግን ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ያገለገለ ሲሆን አካሉም ዝጎ ስለነበር ቀየርኩት።

ራሱ ለመቀየር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ዋናውን መዝጊያ ይፈትን። ዘግቶት ውሃው ከቀጠለ፣ ውሃውን ከቆጣሪው በኩል የሚዘጋው የውሃ ድርጅቱ ነው። በአዲሱ ቫልቭ አካል ላይ ያለው ቀስት ውሃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን። በመግቢያው ቧንቧ ላይ የታሰረ የመዳብ ሽቦ ካለ የቤቱ የኤሌክትሪክ መሬት መስመር ስለሆነ አይነካ፤ ብረቱ ቧንቧ ተቆርጦ መስመሩ የሚቋረጥ ከሆነ ሥራው ለባለሙያ ይተው።

አዲሱን ቫልቭ 55 ላይ አስተካክዬ ማሞቂያውን ሳላበራ ጠበቅኩ፤ መርፌው ከቦታው አልተነቃነቀም። ማሞቂያው ከበራ በኋላ ግን ወደ 100 ወጣ። አሮጌው ቫልቭ ስለማይዘጋ የሰፋው ውሃ በእሱ በኩል ወደ መንገዱ ይመለስ ስለነበር፣ የታንኩ መበላሸት ተሸፍኖ ቆይቷል። የታንኩን የአየር መሙያ ጫፍ ስጫን በአየር ፈንታ ውሃ ወጣ፤ የውስጡ ጎማ ተቀድዷል። አዲሱን ታንክ ከመግጠሜ በፊት በብስክሌት መንፊያ እስከ 55 ሞላሁት። የታንኩ አየር ከቤቱ ግፊት ጋር እኩል ካልሆነ በአግባቡ አይሠራም።

በማግስቱ ቀዩ መርፌ 64 ላይ ነበር። መጸዳጃው አይፏጭም፤ ከማሞቂያው ሥር ያለው ወለልም ደርቋል። የልብስ ማጠቢያው ድምፅ ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ የማሽኑ ቫልቭ ውሃውን በቅጽበት ስለሚቆርጥ፣ በሁለቱ መግቢያዎቹ ላይ ምቱን የሚውጥ ትንሽ የአየር ሲሊንደር ገጠምኩለት።