ቁመት ሲሳሳት ቢኤምአይ ይጮኻል፣ ቢኤስኤ ዝም ይላል፦ ችግርና መፍትሔ

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ወረዳዎች በታካሚ መቀበያ ክፍል የሚሠሩ ባልደረቦቼ ክብደትን በጥንቃቄ ይመዝናሉ፤ ቁመት ግን ብዙ ጊዜ «አንዴ ከተለካ በቃ» ተብሎ ከካርድ ወደ ካርድ ይገለበጣል። ሆኖም ከዚህ ቁጥር ሁለት የተለያዩ ውጤቶች ይወጣሉ፤ አንደኛው ታካሚው ከስቷል ወይስ አልከሳም የሚለውን የሚያሳየው ቢኤምአይ ሲሆን፣ ሁለተኛው የኬሞቴራፒና የአንዳንድ ሌሎች መድኃኒቶች መጠን የሚታዘዝበት የሰውነት ገጽ ስፋት፣ በአጭሩ ቢኤስኤ ነው። ስሌታቸው የሚከተለው ነው፤ ለቢኤስኤ የወሰድኩት ሞስቴለር በ1987 ያቀረበውን ቀላል ቀመር ነው።

```
BMI = kg / (m × m)
BSA = √(cm × kg / 3600)
```

በመጀመሪያው ቀመር ቁመት አካፋይ ሆኖ በራሱ ስለሚባዛ፣ ቁመቱ በ1 በመቶ ከፍ ብሎ ቢመዘገብ ቢኤምአዩ በ2 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል። በሁለተኛው ግን ቁመት በስኩዌር ሩት ውስጥ ስላለ፣ ያው ስሕተት ቢኤስኤውን የሚያሳድገው በግማሽ በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ የቁመት ስሕተት ሁለቱን ውጤቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ይገፋቸዋል፤ ቢኤምአይን የሚገፋበት ኃይልም አራት እጥፍ ያህል ይበልጣል። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች በሙሉ የሚፈቱት ይህን ልዩነት ተከትሎ በመሄድ ነው።

ምልክት፦ ክብደቱ ሳይለወጥ ቢኤምአዩ ወረደ

ከማና ወረዳ ለቲቢ ሕክምና ክትትል የሚመጡ አንዲት እናት ባለፈው ወርም በዚህ ወርም 46 ኪሎ ናቸው እንበል። ባለፈው ወር ቁመታቸው 156 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ተመዝግቦ ቢኤምአያቸው 18.9 ወጥቷል። በዚህ ወር ሌላ ባለሙያ በሌላ ክፍል ለክቶ 160 ስለጻፈ ውጤቱ 18.0 ሆኗል። የአዋቂ የከሲታነት ወሰን 18.5 በመሆኑ እኚህ እናት አንድ ግራም ሳይቀንሱ ከጤናማ ወደ ከሲታ መደብ ገብተዋል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱ እየሠራ አይደለም ወይ ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም።

የመጀመሪያው ፍተሻ ካርዱን ወደ ኋላ ገልጦ ቁመቱን ማየት ነው። አዋቂ ሰው በአንድ ወር ውስጥ 4 ሴንቲ ሜትር አያድግም። የአከርካሪ ዲስኮች ቀን በሸክምና በመቆም ስለሚጨመቁ ሰው ጠዋት ከማታው ይረዝማል፤ ልዩነቱ ግን 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለዚህ ማብራሪያ አይበቃም። በ46 ኪሎ ክብደት ቢኤምአዩ 18.5 የሚሆነው ቁመቱ 157.7 ሲሆን ነው፤ ይህም ማለት 1.7 ሴንቲ ሜትር የሚያክል ስሕተት ብቻውን የእኚህን እናት መደብ ለመቀየር በቂ ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት መለኪያውን እንጂ ታካሚዋን አንመርምር። አንድ ሜትር የሆነ የብረት ማስመሪያ ወለሉ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ከግድግዳው መለኪያ ጋር አስጠግታችሁ አቁሙ፤ የማስመሪያው ጫፍ 100 ላይ ሊያርፍ ይገባዋል። በዚህ ምሳሌ 103 ላይ አረፈ። መለኪያው የልብስ ሰፊ ሜትር ነበር፤ ጫፉ ስላለቀ ተቆርጦ ከ3 ጀምሮ ወለሉ ላይ ተለጥፏል። በእንዲህ ዓይነት ግድግዳ የሚለካ ሰው ሁሉ 3 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። የቀረው 1 ሴንቲ ሜትር ከሻሽና ከሹሩባ ጉብታ የመጣ ነው። በክረምት ደግሞ የፕላስቲክ ቦት ጫማ ሳይወልቅ የሚለካበት ጊዜ ስላለ ሶሉም መታሰብ አለበት።

መፍትሔው ሜትሩን ነቅሎ ሙሉ ጫፍ ያለው መለኪያ ማድረግ ነው። እስኪገኝ ድረስ «ከንባቡ 3 ቀንሱ» የሚል ወረቀት መለጠፍን አልመክርም፤ ግማሹ ሰው ይቀንሳል፣ ግማሹ አይቀንስም፣ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር የትኛው እንደሆነም ማንም አያውቅም። ሻሽን በተመለከተ መጋረጃ ወይም በር የተዘጋበት ክፍል ይዞ «እማማ፣ ለቁመት መለኪያው ሻሽዎን ትንሽ ላላ ያድርጉልኝ» ማለት ይበቃል፤ ሴት ባለሙያ ብትለካ ደግሞ ይቀላል። ሹሩባው የማይፈታ ከሆነ መለኪያውን በጉንጉኖቹ መካከል አስገብቶ የራስ ቅሉን እስኪነካ መጫን ይቻላል።

ራስ ላይ የሚያርፈው ነገርም ከግድግዳው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሊኖረው ይገባል። እስክሪብቶ ወይም መዳፍ ራስ ላይ አድርጎ ወደ ግድግዳ በዓይን መሳብ ልኩን እንደ ለካዩ ቁመት ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ አጭር ለካይ ከታች ወደ ላይ ሲያይ አስረዝሞ ያነባል። ታካሚው ተረከዙን፣ ዳሌውንና ትከሻውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ፣ የዓይኑ ጉድጓድ የታች ጠርዝና የጆሮው ቀዳዳ በአንድ አግድም መስመር ላይ እንዲሆኑ ፊት ለፊት ይመልከት። ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ልዩነቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ሦስተኛ ጊዜ ለኩ።

ምልክት፦ ዓይን «ከስቷል» ሲል ቁጥሩ «ደህና ነው» ይላል

ከላይ ያለው ስሕተት ጤነኛውን ከሲታ ያደርጋል፤ ይኸኛው ግን ከሲታውን ይደብቃል፤ እኔ የበለጠ የምፈራው ይህንን ነው። እውነተኛ ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 53 ኪሎ የሆነ ሰው ቢኤምአዩ 18.3 ስለሆነ ከወሰኑ በታች ነው። ክፍሉ ግን ዞኮሎ አለው፤ ሜትሩን የለጠፈው ሰው ዜሮውን ከወለሉ ሳይሆን ከዞኮሎው በላይ አስቀምጦታል። የዞኮሎው ከፍታ 8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሰውየው 162 ሆኖ ይነበባል፣ ቢኤምአዩም 20.2 ይሆናል። የጉንጩ አጥንት ወጥቶ የተቀመጠው ሰው «መደበኛ» ተብሎ የተመጣጠነ ምግብ ድጋፍ ሳይሰጠው ይሄዳል።

ፍተሻው ያው የብረት ማስመሪያ ነው፤ እዚህ ጫፉ 92 ላይ ያርፋል። ሜትሩ ከወለሉ ጀምሮ ቢለጠፍም ዞኮሎው ወደ ውጭ ስለሚወጣ ተረከዝን ከግድግዳው ያርቃል፤ ስለዚህ መለኪያውን በበሩ ጠርዝ ወይም ዞኮሎ በሌለው ግድግዳ ላይ ማዛወር ይሻላል። እስከዚያው የላይኛውን ክንድ ዙሪያ መለካት ይጠቅማል፤ ቁመት ስለማይገባበት ይህ ስሕተት አይደርስበትም። የክንዱ ዙሪያ መክሳትን እያሳየ ቢኤምአዩ ደህና ከሆነ መጀመሪያ ቁመቱን ጠርጥሩ።

የዚህን ሰው ቢኤስኤ ስናሰላ በ170 ሴንቲ ሜትር 1.58 ስኩዌር ሜትር፣ በ162 ደግሞ 1.54 ይሆናል። በስኩዌር ሜትር 75 ሚሊ ግራም የሚታዘዝ መድኃኒት ቢሆን ልዩነቱ 3 ሚሊ ግራም ያህል ነው። መድኃኒቱን ወደ ብልቃጥ ልክ ለማጠጋጋት ብዙ የካንሰር ሕክምና ክፍሎች ከ5 እስከ 10 በመቶ ልዩነት ስለሚቀበሉ ይህ ከዚያ ውስጥ ይጠፋል። ያው 8 ሴንቲ ሜትር ቢኤምአዩን በ10 በመቶ ሲያዛባ፣ የመድኃኒቱን መጠን የነካው በ2.4 በመቶ ብቻ ነው።

ምልክት፦ ቢኤስኤው እውነት ይመስላል፣ ቢኤምአዩ ግን አይሆንም

ይህ ዝምታ የሚያረጋጋ ቢመስልም አደጋ አለው፤ ትልቅ ስሕተት ሲመጣም ቢኤስኤ ድምፁን አያሰማምና። 12 ኪሎ የሚመዝን፣ 85 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሕፃን ቢኤስኤው 0.53 ነው። የሚጽፈው ሰው አሃዞቹን አገላብጦ 58 ቢጽፍ 0.44 ይወጣል። 0.44 ለሕፃን የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም፤ ፋርማሲውም ሳይጠራጠር ሊያልፈው ይችላል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በ17 በመቶ ቀንሷል። አሁን የዚሁ ሕፃን ቢኤምአይ ይሰላ፤ በ85 ሴንቲ ሜትር 16.6፣ በ58 ደግሞ 35.7 ይሆናል። ሁለተኛው በፍጹም ሊታመን የማይችል ነው።

ክብደትና ቁመት ቦታ ሲለዋወጡ ደግሞ የሞስቴለር ቀመር ፈጽሞ ምንም አያሳይም፤ 85 ሲባዛ በ12 እና 12 ሲባዛ በ85 አንድ ስለሆኑ ውጤቱም አንድ ነው። የመድኃኒቱ መጠን በዕድል ትክክል ቢወጣም ካርዱ ላይ የቀረው የተሳሳተ መረጃ ለሚቀጥለው ስሌት ይጠብቃል። በ1916 የወጣው የዱ ቧ ቀመር ለቁመትና ለክብደት የተለያየ ኃይል ስለሚሰጥ በዚህ ልውውጥ ውጤቱ ይለወጣል፤ ይሁንና ሁለት ቀመሮችን ከማቀላቀል ይልቅ ቢኤምአይን እንደ መፈተሻ መጠቀም ይቀላል። ቁመት በሜትር ተጽፎ በሞስቴለር ቀመር ቢገባ ቢኤስኤው በትክክል በአሥር እጥፍ ያንሳል፤ 156 የሚለው 1.56 ተብሎ ከገባ 1.41 የነበረው 0.14 ይሆናል። ይህ ቢያንስ ለአዋቂ ወዲያውኑ ይታያል።

ስለዚህ የቢኤስኤ ትእዛዝ ከመጻፉ በፊት ከጎኑ ቢኤምአይ ይሰላ። ቢኤምአዩ ታካሚውን ሲያዩት ከሚጠበቀው ጋር የማይገጥም ከሆነ፣ መድኃኒቱ ከመቀመሙ በፊት ታካሚው ዳግም ይመዘን፣ ቁመቱም ዳግም ይለካ። በማደግ ላይ ያሉ ልጆችን ቁመት ግን ካለፈው ዙር መገልበጥ ጨርሶ አይገባም።

ምልክት፦ ቁመቱ በትክክል ተለክቶ ቢኤምአዩ ግን ያታልላል

ጀርባቸው የጎበጠ የ70 ዓመት እናት 42 ኪሎ ናቸው፤ ቆመው 150 ሴንቲ ሜትር ተለክተዋል፤ ቢኤምአያቸውም 18.7 ነው። መለኪያው አልተሳሳተም፤ የተለወጠው አከርካሪያቸው ነው። በወጣትነታቸው 160 ከነበሩ በዚያ ቁመት ቢኤምአያቸው 16.4 ይሆናል፤ ይህም መካከለኛ ክሳት ነው። የጠፋውን ቁመት ለመገመት እግር ስለማይጎብጥ የጉልበት ቁመት ይወሰዳል። ታካሚዋ ጉልበታቸውንና ቁርጭምጭሚታቸውን 90 ዲግሪ አጥፈው፣ ከተረከዝ ሥር እስከ ጭናቸው የፊት ገጽ፣ ከጉልበቱ አጥንት በላይ ይለካል። ለሴቶች የቻምሊ ቀመር ይህ ነው።

```
cm = 84.88 − (0.24 × age) + (1.83 × knee cm)
```

የጉልበት ቁመታቸው 47.5 ከሆነ ግምቱ 155 ሴንቲ ሜትር፣ ቢኤምአዩም 17.5 ይሆናል፤ ስለዚህ ከ18.5 በታች ናቸው። ቀመሩ የተሠራው በአሜሪካውያን አረጋውያን ላይ ስለሆነ ለእኛ ታካሚዎች ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሊስት ይችላል፤ በመሆኑም ውጤቱን ከክንድ ዙሪያ ጋር አስተያዩት። ሁለት እጅ ተዘርግቶ የሚለካውን ርዝመት በቀጥታ ቁመት አድርጎ መጻፍ ደግሞ ሌላ ስሕተት ያመጣል፤ በብዙ ሰዎች ይህ ርዝመት ከቁመት ስለሚበልጥ ቢኤምአዩን ያለ አግባብ ዝቅ ያደርገዋል። ለቢኤስኤ ግን በእኚህ እናት ላይ በ150 እና በ160 መካከል ያለው ልዩነት 1.32 እና 1.37 ብቻ ስለሆነ ቆመው የተለኩበት ቁመት ይበቃል። ካርዱ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ይጻፉ፤ ከአንዱ ጎን «ቆመው የተለካ»፣ ከሌላው ጎን «ከጉልበት ቁመት የተገመተ» ተብሎ።