10 በመቶ ከ9 በመቶ የሚያንስበት ጊዜ፦ ሁለት የቁጠባ ሂሳቦችን ከውጭ ሆኖ ማወዳደር

አገር ቤት ገንዘብ ለማስቀመጥ ሲያስቡ ከባንክ የሚነገርዎ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ በዓመት ይህን ያህል በመቶ የሚል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የቁጠባ ወለድን ዝቅተኛ ወለል 7 በመቶ አድርጎ ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን፣ በተለይ ጠቀም ያለ ገንዘብ በጊዜ ገደብ ለሚያስቀምጥ ሰው፣ ባንኮች ተደራድረው ይሰጣሉ። ስለዚህ ሁለት ባንኮች ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ቢነግሩዎ አይገርምም። ትልቁ ቁጥር ግን ሁልጊዜ ብዙ ብር አያመጣም። የሚወስነው ወለዱ ከታሰበ በኋላ የት እንደሚገባ ነው።

በነጠላ ወለድ ባንኩ በየዓመቱ የሚያስበው መጀመሪያ ባስገቡት ዋና ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። የተገኘው ወለድ ወይ ወደ ሌላ ሂሳብ ይዛወራል፣ ወይ ውሉ እስኪያበቃ ለብቻው ተመዝግቦ ይቆያል። በወለድ ወለድ ግን የታሰበው ወለድ ዋናው ላይ ይደመርና በሚቀጥለው ጊዜ እሱም ራሱ ወለድ ይወልዳል።

በምሳሌ እንየው። 1,000,000 ብር አለዎት እንበል። «ሀ» የሦስት ዓመት የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ሆኖ በዓመት 10 በመቶ ነጠላ ወለድ ይከፍላል። «ለ» ተራ የቁጠባ ሂሳብ ሲሆን በዓመት 9 በመቶ እያሰበ ወለዱን በየወሩ ዋናው ላይ ይደምራል። (ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፤ የባንክዎን ቁጥር በቦታቸው ይተኩ።)

«ሀ» በየዓመቱ 100,000 ብር ይሰጣል፣ አይጨምርም አይቀንስም። «ለ» በመጀመሪያው ወር 7,500 ብር ያስገኛል፤ በሁለተኛው ወር 7,556 ብር ከ25 ሳንቲም፤ በሦስተኛው 7,612 ብር ከ92 ሳንቲም። ልዩነቱ መጀመሪያ ላይ የሻይ ዋጋ ይመስላል። በዓመቱ መጨረሻ የ«ለ» ወለድ 93,807 ብር ነው፣ ማለትም ከ«ሀ» ያነሰ። በሁለት ዓመት 196,414 ብር ይደርሳል፤ አሁንም ከ200,000 ያንሳል። በ29ኛው ወር «ለ» ይቀድማል፤ ሦስተኛው ዓመት ሲሞላ 308,645 ብር ሲሆን «ሀ» 300,000 ላይ ነው። በዚሁ ቢቀጥሉ በአምስት ዓመት 565,681 ከ500,000 ጋር ይሆናል። ስለዚህ ገንዘቡን ከሁለት ዓመት በታች ለሚያስቀምጥ ሰው፣ የጊዜ ገደቡ ከዚያ የማይበልጥ ውል ካገኘ፣ እንደ «ሀ» ያለው የ10 በመቶ ነጠላ ወለድ ይሻላል፤ ለሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ «ለ»።

ራስዎ ለማስላት በስልክዎ ወይም በኮምፒውተርዎ የሰንጠረዥ ፕሮግራም ውስጥ እነዚህን ሁለት መስመሮች በተለያዩ ሳጥኖች ያስገቡ። የመጀመሪያው ነጠላ ወለድ ነው፣ ሁለተኛው የወለድ ወለድ፤ 36 የወራቱ ቁጥር ነው።

```
=1000000*(1+0.10*3)
=1000000*(1+0.09/12)^36
```

ግብር ስሌቱን ይነካል፤ ባንኩ ወለዱን ከመክፈሉ በፊት ራሱ ይቆርጣል። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በባንክ የቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ ጥሎ ነበር። ዛሬ የሚሠራበትን መጠን ባንኩን ጠይቀው ይያዙ። በ5 በመቶ ብናስበው በሦስት ዓመት «ሀ» 285,000፣ «ለ» ደግሞ በየወሩ እየተቆረጠበት 291,224 ብር ገደማ ያስገኛሉ። ቅደም ተከተሉ አልተቀየረም፤ ልዩነቱ ግን ከ8,645 ወደ 6,224 ብር ዝቅ ብሏል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሚሠራው ወለዱን ማንም ካልነካው ነው። ውጭ የሚኖር ሰው ስሌት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እናትዎ ወይም እህትዎ በየወሩ የሚገባውን 7,500 ብር ለቤት ወጪ እንዲያወጡ ከፈቀዱ፣ «ለ» በስሙ የወለድ ወለድ ቢሆንም በተግባር የ9 በመቶ ነጠላ ወለድ ሆኗል፤ በዓመት 90,000 ብር። ያን ጊዜ ወለዱን በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ ወደ ቤተሰቡ ሂሳብ የሚያዛውር የ10 በመቶ ውል በግልጽ ይበልጣል። ቤተሰብ በወለዱ የሚተዳደር ከሆነ ትልቁን ቁጥር ይምረጡ፤ የሚጠራቀም ከሆነ የሚደመረውን።

የ«ሀ» ዓይነቱም ውል ሊለወጥ ይችላል። የጊዜ ገደቡ ሦስት ዓመት ሳይሆን አንድ ዓመት ሆኖ፣ ሲያበቃ ዋናው ከነወለዱ በዚያው 10 በመቶ ከታደሰ፣ በሦስት ዓመት 331,000 ብር ይሆናል፤ ከ«ለ» ይበልጣል። ዋናው ብቻ ታድሶ ወለዱ ወለድ ወደማይከፍል ሂሳብ ከተላከ ግን 300,000 ላይ ይቆማል። ልዩነቱ 31,000 ብር ነው፤ የሚመጣውም በማደሻ ትእዛዙ ላይ ከተጻፈ አንድ ቃል ነው። በዚያ ላይ ሲታደስ መቶኛው እንደገና ሊወሰን ስለሚችል፣ የዛሬው 10 በመቶ ለሦስቱም ዓመት የተያዘ ነው ብለው አይገምቱ።

ውሉ የሚያበቃበት ቀን ሲደርስ ትእዛዝ ከሌለ ምን እንደሚሆንም ቀድመው ይጠይቁ። እንደ ባንኩ ደንብ ገንዘቡ ወደ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ሊወርድ ወይም ያለ ወለድ ሊቀመጥ ይችላል። ውጭ ሆነው ፊርማ ለማድረስ ጊዜ ስለሚወስድ፣ የማደሻ ትእዛዙን ሂሳቡን ሲከፍቱ ይፈርሙ። ካልሆነ የባንክ ሥራን በስሙ ጠቅሶ የሚፈቅድ ውክልና ያስፈልጋል፤ «ጉዳዮቼን ሁሉ» የሚል ጥቅል ውክልና ባንክ መስኮት ላይ ሊመለስ ይችላል። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ከተረጋገጠ በኋላ አዲስ አበባ ደርሶ እንደገና የሚረጋገጥ ስለሆነ ከማብቂያው ቀን ወራት ቀድመው ይጀምሩ።

የጊዜ ገደቡን ማፍረስም ዋጋ አለው። ገንዘቡን ለሕክምና ወይም ለቤት ግዢ በመሀል ካወጡ፣ ባንኩ የተስማማበትን 10 በመቶ ትቶ በተራው ቁጠባ ወለድ ሊያስብ ወይም ወለዱን ሊያስቀር ይችላል። እንዲህ ያለ ዕድል ካለ ገንዘቡን ከፍለው አንዱን በጊዜ ገደብ፣ ሌላውን በቁጠባ ማስቀመጥ ይሻላል።

በዶላር ለሚያስብ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ከ100 በላይ ወጥቷል። በነጠላና በወለድ ወለድ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ አጠገብ ትንሽ ነው። ይህ ስሌት የሚጠቅመው ገንዘቡ በብር እንደሚቀመጥና በብር እንደሚወጣ አስቀድሞ ለወሰነ ሰው ነው።

ሂሳቡ ከተከፈተ በኋላ በተግባር የትኛው እንደሆነ ከስቴትመንቱ ይታወቃል። ምንም ሳያስገቡና ሳያወጡ ተከታታይ የወለድ መስመሮችን ያስተያዩ። የወለድ ወለድ ከሆነ ጥቂት በጥቂት ይጨምራል። ባንኩ በቀን የሚያስብ ከሆነ ግን የ28 ቀኑ ፌብሩዋሪ ከ31 ቀኑ ጃንዋሪ ያነሰ ወለድ ስለሚያሳይ፣ ተመሳሳይ ቀን ያላቸውን ወራት ያነጻጽሩ፤ ለምሳሌ ሜይን ከጁላይ ጋር።

ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ለባንኩ ይህን በጽሑፍ ይላኩ፦ «ወለዱ በየስንት ጊዜው ይታሰባል? የሚታሰበው በዕለታዊ ቀሪ ላይ ነው ወይስ በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ? ዋናው ላይ የሚደመረው መቼ ነው? ውሉ ሲያበቃ የሚታደሰው ዋናው ብቻ ነው ወይስ ከነወለዱ? በመሀል ቢወጣ ምን ያህል ይከፈላል?» የቃል ምላሽ ብቻ ከሰጡዎና ሊጽፉልዎ ካልፈለጉ፣ ነጠላ ወለድ ነው ብለው አስልተው ያወዳድሩ።