የክፍል ቀለም ወጪ ከገመታችሁት በላይ ሲሆን፦ ችግርና መፍትሄ

አንድ ክፍል ድጋሚ ለማስቀባት ብዙ ሰው የሚያሰላው የቀለሙን ዋጋና የቀቢውን የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ከዚያ ሥራው ተጀምሮ መሃል ላይ ሲደርስ "ትንሽ ጨምሩ" ይመጣል። ጭማሪው የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ከቀለሙ ሳይሆን ከቀለሙ ሥር ካለው ግድግዳ ነው።

ለምሳሌ የምንይዘው 4 በ3.5 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2.7 ሜትር የሆነ መኝታ ክፍል ነው። አንድ በርና አንድ መስኮት አለው። ኮርኒሱን ለጊዜው ተዉት።

ችግር 1፦ ቀለሙ አንድ ግድግዳ ሲቀር አለቀ

መጀመሪያ የለካችሁት ምን እንደነበር ተመልከቱ። ክፍሉ "14 ካሬ ነው" ብላችሁ ለሱቁ ከነገራችሁት የነገራችሁት የወለሉን ስፋት ነው። የሚቀባው ደግሞ ግድግዳው ነው። ዙሪያው 15 ሜትር ነው፤ በ2.7 ሲባዛ 40.5 ካሬ ይሆናል። በሩና መስኮቱ ወደ 3.7 ካሬ ይወስዳሉ፤ ስለዚህ የሚቀባው በግምት 37 ካሬ ነው። ከወለሉ ሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ማለት ነው።

በትክክል ለክታችሁም ካለቀባችሁ ችግሩ ያለው ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው። የውሃ ቀለም አምራቾች በብዛት አንድ ሊትር ለአንድ እጅ ከ10 እስከ 12 ካሬ ይሸፍናል ይላሉ። ውሸት አይደለም፤ ግን ለለሰለሰ፣ ውሃ ለማይጠጣ፣ ለተዘጋጀ ግድግዳ ነው። አዲስ ስቱኮ የተለቀለቀበት ወይም ልስኑ ያፈጠጠ ግድግዳ የመጀመሪያውን እጅ ይጠጣዋል፤ አንድ ሊትር 7 ካሬ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ቀቢው ቀለሙን ሰረቀ ብላችሁ ከመጠርጠራችሁ በፊት ግድግዳው ላይ ትንሽ ውሃ ርጩ። ጠብታው ወዲያው ጠልቆ ከጠቆረ፣ ጠጪው ግድግዳው ነው።

መፍትሄው ከቀለሙ በፊት አንድ እጅ ፕራይመር መቀባት ነው። በአብዛኛው ከቀለሙ ይረክሳል፣ የግድግዳውንም ጥማት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በሊትር 10 ካሬ ብላችሁ ማሰብ ትችላላችሁ፦ 37 ሲባዛ በ2 እጅ፣ ሲካፈል ለ10፣ 7.4 ሊትር። ሩሎው ላይ ለሚቀረውና ወለል ላይ ለሚፈሰው 10 በመቶ ጨምሩ፣ 8.1 ይመጣል። ባለ 4 ሊትር ሁለት ጋሎን ለጥቂት ስለሚያንስ አንድ ባለ 1 ሊትር ቆርቆሮ ይጨመራል። "ጋሎን" ሲሏችሁ ደግሞ ስንት ሊትር እንደሆነ ቆርቆሮው ላይ አንብቡ፤ ሁሉም እኩል አይደለም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግዙ፣ በተለይ በማሽን የተቀየጠ ቀለም ከሆነ። በኋላ የምትጨምሩት ቆርቆሮ ጥቂት ጠቆር ወይም ፈዘዝ ካለ ግድግዳው ላይ ድንበሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ችግር 2፦ ሁለት እጅ ተቀብቶም ግድግዳው ዝንጉርጉር ነው

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው የድሮው ቀለም ጠቆር ያለ መሆኑ ነው፤ በጥቁር ሰማያዊ ላይ ክሬም ስትቀቡ ሁለት እጅ አይበቃም። ሁለተኛው እዚህም እዚያም በስቱኮ የተደፈነው ቦታ ነው፣ ከቀሪው ግድግዳ ይልቅ ቀለም ስለሚጠጣ ሲደርቅ ክብ ክብ ሆኖ ይታያል። ለሁለቱም በውድ ቀለም ሦስተኛና አራተኛ እጅ ከመደረብ ነጭ ፕራይመር ቀድሞ መቀባት ይሻላል። ቀቢው ቀለሙን በውሃ ከልክ በላይ ካቀጠነው ግን ፕራይመርም አያድንም፤ ቆርቆሮው የሚፈቅደውን መጠን አንብባችሁ ከፊቱ ቁሙ።

ችግር 3፦ ቀቢው ሥራ ከጀመረ በኋላ ዋጋ ጨመረ

ይሄኛው ነው ብዙ ጠብ የሚያመጣው። ቀቢው "በካሬ ይህን ያህል" ሲል እሱ ያሰበው መቀባቱን ብቻ ነው፣ እናንተ ደግሞ መፋቁን፣ መድፈኑን፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱን፣ ዞኮሎውን መሸፈኑን፣ ዕቃ ማንሳቱን ሁሉ ያካተተ መስሏችኋል። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም፤ ያልተነጋገራችሁት ነገር ነው ያጣላችሁ።

ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት ከቀቢው ጋር ሆናችሁ ግድግዳውን ፈትኑት። በመዳፋችሁ ጥረጉት፤ እጃችሁ ነጭ ዱቄት ከያዘ ኖራ ወይም ያረጀ ቀለም ነው፣ ካልተፋቀና ካልታጠበ አዲሱ ቀለም አይዝም። በምላጭ መስቀለኛ ጫር አድርጋችሁ ፕላስተር ለጥፉበትና በአንዴ ሳቡት፤ ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር ከመጣ ያ ሁሉ መነሳት አለበት። በጣታችሁ አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ልስኑ ለቋል፣ ያ የቀቢ ሳይሆን የለሳኝ ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ ማዘጋጃውንና መቀባቱን ለየብቻ ዋጋ አስወጡለት፣ ስቱኮውንና ብርጭቆ ወረቀቱን ማን እንደሚያመጣም ጻፉ።

ልዩነቱን በብር እንየው። ዋጋው ለስሌት እንዲመች የያዝኩት ነው፣ የዛሬውን ጠይቃችሁ ተኩት። ቀለም በሊትር 600፣ ፕራይመር በሊትር 300፣ መቀባት በካሬ 100፣ ማዘጋጀት በካሬ 60 ብር እንበል።

በጥድፊያ የሚገምት ሰው በቆርቆሮው ቁጥር 12 ካሬ ይዞ 7 ሊትር ቀለም በ4,200፣ የእጅ ዋጋ 3,700፣ ጠቅላላ 7,900 ብር ይላል። እውነተኛው 9 ሊትር ቀለም 5,400፣ 5 ሊትር ፕራይመር 1,500፣ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ፕላስተርና መሸፈኛ ላስቲክ 1,500፣ መቀባት 3,700፣ ማዘጋጀት 2,220፣ ድምሩ 14,320 ነው። ከ6,420 ብር ልዩነቱ ውስጥ የቀለሙ ድርሻ 1,200 ብቻ ነው! ሌላው ሁሉ ዝግጅት ነው። ስለዚህ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ በሊትር 20 ብር ማስቀነስ 180 ብር ቢያተርፍ ነው፣ ግድግዳውን ቀድሞ ማየት ግን ሺዎችን ከድንገተኛ ጭማሪ ያድናል። የድሮው ቀለም አጥብቆ የያዘ፣ ያልጠቆረና ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ማጠብና ቀላል ማለስለስ ይበቃዋል፤ የዝግጅቱ ሂሳብ በጣም ይወርዳል።

ችግር 4፦ በጥቂት ወር ውስጥ አበጠና ተላጠ

እርጥበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመታጠቢያ ቤት ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ ወይም ከወለሉ ከፍ ብሎ ይታያል። ለማረጋገጥ አንድ ቁራጭ ላስቲክ በአራቱም ጎን በፕላስተር አሽጋችሁ ለአንድ ቀን ተዉት። ጤዛው ላስቲኩና ግድግዳው መሃል ከሆነ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው፤ ቧንቧው ወይም ፍሳሹ ተጠግኖ ልስኑ እስኪደርቅ ድረስ ቀለምም ስቱኮም አትግዙ። ጤዛው በክፍሉ በኩል ባለው ገጽ ላይ ከሆነ ችግሩ የአየር መተንፈሻ ማነስ ነው፤ መስኮት ከፍቶ ማናፈስ ከማንኛውም ቆርቆሮ ይረክሳል።